ቁጥር፣ ቀን፣ ጉዳዩ

በአገራችን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ፣ ከላይ በቀኝ በኩል፣ ሁለት አጫጭር መስመሮች ይገኛሉ፤ አንዱ «ቁጥር»፣ ሌላው «ቀን»። ዝቅ ብሎ የተቀባዩ ስም ይመጣል፤ ከሱ በታች «ጉዳዩ፦» ተብሎ ነገሩ በአንድ መስመር ይጠቀሳል። መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ደብዳቤውን አንብቦ ሳይጨርስ በነዚህ ሦስት ነገሮች ብቻ ገቢ መዝገብ ላይ አስፍሮ ወደ ትክክለኛው ፋይል ይመራዋል። ከዓመታት በኋላ የሚፈልገውም ሰው በነሱ ያገኘዋል። የዚህ ምዕራፍ ክርክር አንድ ነው፤ ድራይቫችን ላይ የሚታየው ዝርክርክነት የመጣው ፎልደር ስላነሰ አይደለም። ወረቀቱ በስልክ ካሜራ በኩል አልፎ ወደ ድራይቭ ሲገባ እነዚያ ሦስት መስመሮች ከፋይሉ ስም ላይ ስለሚጠፉ ነው። ሥርዓቱን ለመመለስ ከውጭ አዲስ ዘዴ መዋስ አያስፈልግም። ወረቀቱ ራሱ ስሙን ይዞ መጥቷል፤ ሥራው ያንን ስም ወደ ፋይሉ መገልበጥ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ጎሮ አካባቢ፣ ከአይሲቲ ፓርኩ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የቤት ማኅበር አለ እንበል። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ሦስቱም የሚያገለግሉት ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ ነው። ቢሮ ስለሌላቸው ሰነዱ ሁሉ ጎግል ድራይቭ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ የይዞታ ካርታ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የጥበቃ ውል፣ የባንክ ደረሰኝ፣ ከወረዳና ከአገልግሎት ሰጪዎች የሚመጣ ደብዳቤ። አንድ ቀን ስለ ውሃ መስመር ጥገና ክፍያ ቀኑ 04/03/2017 የሆነ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። የተቀበለው አባል በስልኩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይለቀዋል። ጸሐፊው ከሳምንት በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ አውርዶ ወደ ድራይቭ ይጭነዋል። ስሙ አሁን ይህ ነው፦

```
photo_2024-11-20_18-07-33.jpg
```

በዚህ ስም ውስጥ ያለው ቀን ደብዳቤው የተጻፈበት አይደለም፤ ፎቶው ቴሌግራም ላይ የተለጠፈበት ነው። ላኪው የለም፣ ጉዳዩ የለም፣ ቁጥሩም የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ክፍያው እንደገና ሲጠየቅና «ከፍለናል፤ ደብዳቤውም ይኸው» ማለት ሲያስፈልግ፣ ፋይሉ ድራይቩ ውስጥ አለ፤ ግን ተመሳሳይ ስም ካላቸው መቶዎች መካከል አንዱ ስለሆነ እያንዳንዱን ከፍቶ ከማየት ሌላ መንገድ የለም።

ከሦስቱ መስመሮች በጣም አስቸጋሪው ቀን ስለሆነ ከሱ እንጀምር። 04/03/2017 ተብሎ የተጻፈው ቀን በሦስት መንገድ ሊነበብ ይችላል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ኅዳር 4 ቀን 2017 ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 2024 ማለት ነው። አንድ ውጭ አገር የሚኖር አባል እንደ አውሮፓውያን ልማድ ቢያነበው ማርች 4 ቀን 2017 ይሆንበታል፤ በእኛ የካቲት 25 ቀን 2009። አሜሪካ ያለው ደግሞ ወርን ስለሚያስቀድም ኤፕሪል 3 ይለዋል፤ መጋቢት 25 ቀን 2009። በመጀመሪያውና በሌሎቹ መካከል ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ልዩነት አለ። ወረቀቱ በእጅ ላይ ሳለ ማኅተሙና ቋንቋው ግራ መጋባቱን ይፈቱታል፤ የፋይል ስም ላይ ግን ቁጥሩ ብቻውን ነው የሚቀረው።

ብዙ ሰው ከዚህ ለመዳን የወሩን ስም በፊደል ይጽፋል፤ «ኅዳር 2017»። ለዓይን ግልጽ ነው፤ ድራይቩ ግን ስሞችን የሚደረድረው በፊደል ተራ ስለሆነ ዓመቱ ይበታተናል። ወሮቹን በስማቸው ፎልደር ከፍተህ በስም ብታስደረድራቸው ሐምሌ መጀመሪያ ይመጣል፤ መስከረም ሁለተኛ፣ ከዚያ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ሰኔ እያለ ይቀጥልና ጳጉሜን መጨረሻ ላይ ትቀመጣለች። ኅዳር ደግሞ እንደ አጻጻፉ ይዘዋወራል፤ በ«ኅ» ከተጻፈ ከታኅሣሥ በኋላ፣ በ«ህ» ከተጻፈ ከሐምሌም በፊት። ስለዚህ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በዚህ ቅደም ተከተል፣ በቁጥር፣ አንድ አሃዝ የሆነው ሁሉ ከፊቱ ዜሮ እየተደረገለት ይጻፍ፤ 2017-03-04። በዚህ መልክ የተጻፈ ስም በፊደል ተራ ሲደረደር በጊዜ ተራም ተደረደረ ማለት ነው። ጳጉሜንም 13 ተብላ ከነሐሴ ቀጥላ ቦታዋን ታገኛለች።

የቀረው የትኛው አቆጣጠር የሚለው ነው። አንዱን መምረጥና ከዚያ አለመውጣት ከምርጫው ራሱ ይበልጣል፤ ሁለቱ አንድ ፎልደር ውስጥ ከተቀላቀሉ በአንድ ሳምንት የተጻፉ ሁለት ደብዳቤዎች የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ርቀት ይፈጠርባቸዋልና። ለእንዲህ ዓይነቱ ማኅበር ግን የእኔ ፍርድ ለኢትዮጵያው አቆጣጠር ነው። ደብዳቤው፣ ቃለ ጉባኤው፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሚሄደው የመንግሥት የበጀት ዓመት፣ ሁሉም በሱ ነው የሚናገሩት፤ ፈላጊውም የሚያስታውሰው «ባለፈው ኅዳር» ብሎ ነው። በፈረንጅ ቀን የሚመጣውን የባንክ መግለጫ አንድ ጊዜ ለውጦ መጻፍ ይቀላል። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን 12 ላይ፣ ልክ በ2016 መባቻ እንደሆነው። አንድ ፋይል ብቻውን በኢሜይል ሲላክ ተቀባዩ እንዳይሳሳት ከዓመቱ ፊት «ኢ» ትጨመር፤ ኢ2017-03-04። ከውጭ ደንበኞች ጋር የሚሠራ ድርጅት በአንጻሩ የፈረንጁን ቢመርጥ ትክክል ነው፤ የድራይቭ ፍለጋ ላይ `before:2025-01-01` ተብሎ የሚጻፈው ማጣሪያም የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ጎግል የታወቀው በፍለጋ ነው፤ ታዲያ ስምን በዚህ ጥንቃቄ መጻፍ ለምን አስፈለገ? ቃሉን ጽፎ መፈለግ አይበቃም ወይ? በእንግሊዝኛ ለሚሠራ ሰው ተቃውሞው ክብደት አለው፤ በአማርኛ ግን ሁለት ነገሮች ያፈርሱታል። የመጀመሪያው ሞክሼ ፊደል ነው። ሕንፃ፣ ህንፃ፣ ሕንጻ፣ ህንጻ ለእኛ አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ጸ እና ፀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መለያ ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ጸሐፊው በአንዱ ጽፎ ገንዘብ ያዡ በሌላው ቢፈልግ ሊገናኙ ይችላሉ ብሎ መተማመን አይቻልም። ሁለተኛው ይበልጥ ስውር ነው። ድራይቭ የፋይል ስምን የሚያዛምደው ከቃል መጀመሪያ እየተነሣ ነው፤ ጎግል ለፕሮግራመሮች ባዘጋጀው መመሪያ ላይ ራሱ እንደሚያስረዳው HelloWorld የተባለ ፋይል Hello ሲባል ይገኛል፣ World ሲባል ግን አይገኝም። አማርኛ ደግሞ የ፣ ለ፣ በ እና ከን ከቃል ፊት ይለጥፋል። «የውሃ ክፍያ» ተብሎ የተሰየመ ፋይል «ውሃ» ተብሎ ሲፈለግ የሚጀምረው በ«የ» ነውና ሊያመልጥ ይችላል። ይህን ማንም በራሱ ድራይቭ ላይ በሁለት ደቂቃ ሊያረጋግጠው ይችላል፤ አንዱን ባዶ ፋይል «የውሃ ክፍያ»፣ ሌላውን «ውሃ ክፍያ» ብሎ ሰይሞ ጥቂት ቆይቶ መፈለግ ነው።

ከዚህ ሁለት ልማድ ይወጣል። በፋይል ስም ውስጥ ቃሉ ባዶውን ይጻፍ፤ «ውሃ መስመር ጥገና» እንጂ «የውሃ መስመር ጥገና» አይባል። ሞክሼ ፊደላት ደግሞ ወደ አንድ ይሰብሰቡ፤ ለምሳሌ ሁሌም ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸ። በዚህ የሚከፋ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ ኅብረትን በ«ህ» መጻፍ የቃሉን ሥር መንቀል ነው የሚል። ቅሬታው ትክክለኛ ነው፤ ለሰነዱ ይዘት ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የፋይሉ ስም ግን ሰነዱ የሚገኝበት አድራሻ ነው፤ ደብዳቤው ውስጥ ሥርዓተ ጽሕፈቱ እንደተከበረ ይቆያል። ሌላም ትንሽ ነገር አለ። ክ/ከተማ፣ ጽ/ቤት፣ መ/ቤት እያልን የምናሳጥርበት እዝባር በፋይል ስም ውስጥ አይግባ። ድራይቩ ዝም ብሎ ይቀበለዋል፤ ዊንዶውስ ግን ስለማይቀበለው ፋይሉ ሲወርድ ስሙ ይለወጣል። የደብዳቤ ቁጥር ውስጥ ያለው እዝባርም በሰረዝ ይተካ።

ፍለጋ ብቻ እንደማይበቃ የሚያሳይ ከእኛ ቋንቋ ውጭ የሆነም ማስረጃ አለ። ሰዎች የራሳቸውን ፋይል እንዴት እንደሚያገኙ ያጠኑት ኦፈር በርግማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሥራ፣ የኮምፒውተሮች የፍለጋ መሣሪያ በጣም ከተሻሻለ በኋላም ሰዎች ፋይላቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው ፎልደር ከፍተው በመግባት እንደሆነ አሳይተዋል። ወደ ፍለጋ የሚሄዱት ያስቀመጡበት ቦታ ሲጠፋባቸው ነው። ስለዚህ ፎልደር ያስፈልጋል፤ ጥያቄው ስንትና በምን ስም የሚለው ነው።

ስንት ለሚለው መልሴ ጥቂት ነው፤ በአንድ ስክሪን ላይ ሳይገፋ የሚታይ፣ ቢበዛ ስምንት ወይም ዘጠኝ፣ ከሥራቸውም የዓመት ፎልደር ብቻ። በምን ስም ለሚለው ደግሞ ከሥራው ስም መነሣት ይሻላል፤ ከመሥሪያ ቤቱ ስም መነሣት አያዋጣም። የጎሮና የአካባቢው ነዋሪ ምክንያቱን በቅርብ ያውቀዋል። በ2013 ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ሲቋቋም፣ «ቦሌ ክፍለ ከተማ» የሚል ፎልደር የነበራቸው ወደ አዲሱ የተካለሉ ማኅበራት ሰነዳቸው ለሁለት ተሰነጠቀ፤ የአንድ ይዞታ የድሮው ደብዳቤ አንድ ቦታ፣ አዲሱ ሌላ ቦታ። መብራትም እንዲሁ ነው። የቀድሞው ኮርፖሬሽን በ2006 ለሁለት ተከፍሎ ቤት ለቤት የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተባለ፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ መብራት ኃይል ይለዋል። «መብራት» የተባለ ፎልደር ግን ይህን ሁሉ ለውጥ ምንም ሳይነካው ያልፈዋል። ይዞታ፣ ውሃ፣ መብራት፣ ጥበቃ፣ ሂሳብ፣ ቃለ ጉባኤ፣ አባላት፤ እነዚህ ስሞች መሥሪያ ቤቶች ቢከፈሉም ቢዋሐዱም ይቆያሉ። ቅደም ተከተላቸው እንዲጸና ከፊታቸው ሁለት አሃዝ ይደረግ፤ 01 ይዞታ፣ 02 ውሃ እየተባለ።

አንድ ሰነድ ሁለት ቦታ ሲገባስ? የውሃው ክፍያ ደረሰኝ የውሃም የሂሳብም ነው። ኮፒ አድርጎ ሁለቱም ውስጥ ማስቀመጥ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ አንዱ ሲስተካከልና ሌላው ሲቀር ግን የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። ጎግል ድራይቭ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ ብቻ እንዲቀመጥ አድርጓል፤ ለሁለተኛው ቦታ አቋራጭ መፍጠር ይቻላል። ከአቋራጭ የተሻለው መንገድ ግን መለያ ቃል፣ ማለትም ታግ ነው። የግል አካውንት ላይ ለዚህ የተዘጋጀ መሣሪያ የለም፤ የድራይቭ ሌብል የሚገኘው ለድርጅቶች በሚሸጡ የተወሰኑ የክፍያ ዓይነቶች ላይ ብቻ ነው። የፋይሉ መግለጫ ሳጥን ውስጥ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ፋይሉ ወርዶ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ መግለጫው አብሮት አይሄድም። ስሙ መጨረሻ ላይ የተጻፈ ቃል ግን አብሮ ይሄዳል። ቃላቱ አስቀድሞ የተወሰኑ ይሁኑ፤ ደብዳቤ፣ ደረሰኝ፣ ውል፣ ካርታ፣ ቃለጉባኤ፣ እንዲሁም ገቢ ወይም ወጪ። ዛሬ «ውል» ነገ «ስምምነት» ከተባለ መለያነቱ ያበቃል።

የቀረው ቁጥር ነው፤ ብዙዎች ትርፍ ነው ብለው የሚዘሉት። የቁጥርን ጥቅም ለማየት ከኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው ይህ ሥራ በየገዳሙና በየአድባራቱ ያሉ መጻሕፍትን ፎቶ እያነሣ ለእያንዳንዱ EMML ከሚሉ ፊደላት ጋር ተራ ቁጥር ሰጠው፤ የፊልሙ ቅጂ አሜሪካ ሚኔሶታ ተቀመጠ። ቁጥሩ ስለ መጽሐፉ ምንም አይናገርም። የያዘውን፣ የተጻፈበትን ዘመን፣ የነበረበትን ቦታ የሚናገረው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት ካታሎግ ነው። አንድ ገድል በሦስት ዓይነት ስም ሊጠራ፣ ብራናውም ከነበረበት ሊነሣ ይችላል፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ተመራማሪዎች ግን ዛሬም በዚያው ቁጥር እየጠቀሱት ያለ ጥርጥር አንድ መጽሐፍ ላይ ይገናኛሉ። የደብዳቤ ቁጥርም ለማኅበሩ ይህንኑ ነው የሚሠራለት። መሥሪያ ቤቱ መልስ ሲጽፍ «በቁጥር እንዲህ በቀን እንዲህ በተጻፈ ደብዳቤ» ብሎ ነው የሚጠቅሰው፤ ያንን ቁጥር ፍለጋው ላይ ጽፎ ፋይሉን ወዲያው ማግኘት የሚቻለው ቁጥሩ ስሙ ውስጥ ካለ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደዚያች የቴሌግራም ፎቶ እንመለስና ስሟን እናውጣላት። ከወረቀቱ ላይ ቀኑን እናነባለን፣ ኅዳር 4 ቀን 2017። ጉዳዩ የውሃ መስመር ጥገና ክፍያ ነው። ቁጥሩ 0412/17 ነው እንበል። ወደ ማኅበሩ የመጣ ስለሆነ ገቢ ነው፣ ዓይነቱም ደብዳቤ። ፎቶውን ወደ ፒዲኤፍ ለውጠን 02 ውሃ ሥር ባለው የ2017 ፎልደር ውስጥ እንዲህ ብለን እናስቀምጠዋለን፦

```
ኢ2017-03-04 ውሃ መስመር ጥገና ክፍያ 0412-17 ገቢ ደብዳቤ.pdf
ኢ2017-03-18 ውሃ መስመር ጥገና ክፍያ 0412-17 ደረሰኝ.pdf
```

ሁለተኛው መስመር ከሁለት ሳምንት በኋላ የተከፈለበት ደረሰኝ ነው። የደብዳቤው ቁጥር እሱም ላይ እንደተደገመ ልብ ይሏል፤ 0412 ብሎ የፈለገ ሰው ጥያቄውንም መልሱንም አንድ ላይ ያገኛል። በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው፤ ከሥር የሚሰመረው ሰረዝ አልገባም፤ ፍለጋው እያንዳንዱን ቃል ለብቻው እንዲያየው የሚረዳው ባዶ ቦታው ነውና።

ተግባራዊ ተቃውሞዎችም አሉ። አባላቱ ይህን ሁሉ አይከተሉም የሚለው እውነት ነው፤ ስለዚህ አይጠየቁ። 00 አዲስ ገቢ የሚባል አንድ ፎልደር ይከፈት፤ ሁሉም ያገኘውን በማንኛውም ስም እዚያ ይጣል። ስም የሚያወጣው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ በሳምንት አንዴ። የመለያ ቃላቱና የፊደል ምርጫው የተጻፉበት አንድ ገጽ ሰነድ እዚያው ይቀመጥለት። የተጠራቀመው የድሮ ፋይልስ? ሁሉንም መልሶ መሰየም ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ይገድለዋል። ያለው በሙሉ 99 የድሮ በሚባል ፎልደር ውስጥ እንዳለ ይግባ፤ አንድ ፋይል ተፈልጎ በተገኘ ጊዜ ብቻ ስሙ ተስተካክሎ ወደ ቦታው ይዛወር። የሚፈለገው በዚህ መንገድ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ የማይፈለገው እዚያው ቢቀር ማንንም አይጎዳም። ስም መለወጥም ሆነ ፎልደር ማዛወር ቀድሞ የተላከውን ሊንክ አያበላሽም። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ፈቃዱ ላይ ነው። ለሁሉም አባላት ሼር ወደተደረገ ፎልደር የገባ ፋይል ለሁሉም ይከፈታልና የአባላት መታወቂያ ቅጂና የስልክ ዝርዝር የያዘው ፎልደር ሼር ከተደረገው ውጭ፣ ለብቻው መሆን አለበት።

በስምም በፎልደርም የማይፈታ አንድ አደጋ ይቀራል፤ የፋይሉ ባለቤት ማነው የሚለው። ጸሐፊው በግል ጂሜይሉ የጫነው ሁሉ የሱ ነው፤ ለሌሎቹ የሚታያቸው እሱ ሼር እስካደረገ ድረስ ነው። ኮሚቴው ሲቀየር አካውንቱን ቢዘጋ ወይም ቦታ ሞላብኝ ብሎ ቢያጠፋ፣ መልካም ስም የወጣለት ሰነድ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ማኅበሩ በራሱ ስም አካውንት ይክፈት፤ የሚስጥር ቃሉ ከማኅተሙ ጋር ርክክብ ይደረግበት። ጎግል ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተገባበትን የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል ስላስታወቀ ኮሚቴ ሳይመረጥ የከረመ ማኅበርም ቢሆን በየጊዜው ሊገባበት ይገባል። ነፃው 15 ጊጋባይት በድራይቭ፣ በጂሜይልና በፎቶ መካከል የሚከፋፈል ነው፤ ለፒዲኤፍ ደብዳቤ ብዙ ዓመት ይበቃል፤ የስብሰባ ቪዲዮ ከተጨመረበት ግን ቶሎ ያልቃል።

ሥርዓቱ መሥራቱ የሚታወቀው በርክክቡ ዕለት ነው። አዲሱ ጸሐፊ አሮጌውን ሳይጠይቅ ሦስት ነገር ፈልጎ እንዲያወጣ ይደረግ፤ የዘንድሮውን የጥበቃ ውል፣ ባለፈው ዓመት የውሃ ክፍያ የተከፈለበትን ደረሰኝ፣ ካርታውን። ውሉ ብቻ ከጠፋው ምናልባት «ስምምነት» ተብሎ ተሰይሞ ይሆናል፤ ደረሰኙ ከጠፋው ቀኑ በፈረንጅ ተጽፎ ከተራው ውጭ ተቀምጦ ይሆናል። እያንዳንዱ ያልተገኘ ፋይል የትኛው ልማድ እንደተጣሰ ያሳያል፤ ማስተካከያው የሚጻፈውም በዚያች አንድ ገጽ ሰነድ ላይ ነው።